አንዴ ብቻ ለሚሰማ ጆሮ መጻፍ

ወረቀት ላይ ልቅም ያለ ዓረፍተ ነገር አለ። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ቃላቱ ተመርጠዋል፣ ሐሳቡም አልጎደለም። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ ለአንድ ሰው አንብቡለትና «ምን ሰማህ?» በሉት። ግማሹ የለም። አንዳንዴ ደግሞ የቀረው ግማሽ ተገልብጦ ይመጣል፣ ይሄ ከመርሳት ይብሳል።

ሥራዬ ለጆሮ መጻፍ ነው። በሬዲዮ የሚነበቡ፣ በድምጽ ማጉያ የሚነገሩ አጫጭር የጤና መልእክቶችን አዘጋጃለሁ። ብዙ ጊዜ መነሻ ጽሑፉን የሚልኩልኝ ጉዳዩን በደንብ የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። ጥሩ አድርገው ይጽፋሉ። ችግሩ ጽሑፉ የተጻፈው ለዓይን መሆኑ ነው። ዛሬ ከእነዚህ መልእክቶች አንዱን አፍርሼ መልሼ እገጥመዋለሁ። ለምን እንደወደቀ፣ ምን እንዳነሳው፣ ቁርጥራጩን እያየን እንሂድ።

መጀመሪያ ግን ዓይን ምን እንደሚያደርግ እንይ። ስናነብ ዓይናችን ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ይመስለናል። አይደለም። የንባብ ተመራማሪዎች የአንባቢን ዓይን ተከታትለው ሲለኩ፣ በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ላይ ከእንቅስቃሴው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ወደ ኋላ እንደሆነ አግኝተዋል። ጎበዝ አንባቢም ይመለሳል። አንድ ቃል ሲያደናቅፈው ብልጭ ብሎ ወደ ኋላ ያይና ይቀጥላል፣ መመለሱንም ልብ አይለውም። ከዚህ ሌላ ዓይን የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት አስቀድሞ ያያል። አራት ነጥቡ የት እንዳለ ያውቃል። ቁጥር ከሩቅ ይታየዋል። አንቀጽ ሲከፈትም ሐሳብ ሊለወጥ እንደሆነ ይገባዋል።

ጆሮ ከእነዚህ አንዱም የለውም። መመለስ አይችልም፣ መጨረሻውን ቀድሞ አያይም፣ ፍጥነቱንም የሚወስነው እሱ ሳይሆን ተናጋሪው ነው። አንድ ቃል ላይ ቆም ብሎ ካሰበ የሚቀጥሉት አምስት ቃላት ያመልጡታል። የጸሐፊው ጥበብ በሙሉ ወረቀት ላይ ቀርቶ እሱ ጋ የሚደርሰው በተራ የሚያልፍ ድምጽ ብቻ ነው።

ያ ድምጽ ውስጣችን ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? በዚህ ላይ ሁለት የቆዩ ጥናቶች አሉ፣ ሁለቱንም ሥራዬ ላይ ዘወትር አስባቸዋለሁ። ዣክሊን ሳክስ በ1967 ያሳተመችው ጥናት ሰዎች ንግግር እየሰሙ ሳለ በድንገት ያስቆማቸውና ቀደም ብለው ከሰሙት አንድ ዓረፍተ ነገር ያቀርብላቸዋል። ዓረፍተ ነገሩ አንዳንዴ እንዳለ ነው፣ አንዳንዴ አቀራረቡ ተቀይሯል፣ አንዳንዴ ትርጉሙ ተቀይሯል። ወዲያው ሲጠየቁ ሁሉንም ለውጥ ያውቁታል። በመሃል 80 ያህል ቀለም (ክፍለ ቃል ማለቴ ነው) ንግግር ካለፈ በኋላ ግን የሚያውቁት የትርጉሙን ለውጥ ብቻ ነው። አቀራረቡ ቢቀየር አይነቁበትም። ቃላቱ ሄደዋል፣ የቀረው ፍሬው ነው።

ሁለተኛው ሮበርት ጃርቬላ በ1971 ያወጣው ነው። እሱም አድማጮቹን በመሃል አስቁሞ የሰሙትን ቃል በቃል እንዲደግሙ አደረገ። የመጨረሻውን ሐረግ በደንብ ይደግሙታል። ከሱ በፊት ያለው ሐረግስ? እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ያ ሐረግ ገና ያላለቀው ዓረፍተ ነገር አካል ከሆነ ብዙውን ያስታውሱታል። ሐረጉ ቀድሞ ባለቀ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከነበረ ግን ቃላቱን በአብዛኛው ለቀዋቸዋል። ርቀቱ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ዓረፍተ ነገሩ መዘጋት አለመዘጋቱ ላይ ነው።

ከዚህ የምረዳው እንዲህ ነው። አድማጭ ቃላቱን ይዞ የሚቆየው ዓረፍተ ነገሩ እስኪዘጋለት ነው። ሲዘጋለት ፍሬውን ወስዶ ቃላቱን ይጥላል፣ ለሚቀጥለውም ቦታ ያገኛል። ስለዚህ የማይዘጋ ዓረፍተ ነገር አድማጩን ሸክም አስይዞ ማቆም ነው። ሲበዛበት እሱ ራሱ በፈለገበት ቦታ ይጥለዋል። ምኑን እንደሚጥል ደግሞ ጸሐፊው አይመርጥለትም።

አማርኛ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። የእኛ ማሰሪያ አንቀጽ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ማን ምን እንዳደረገ፣ ማድረግ አለማድረጉም ጭምር የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። ገላጩም ከተገላጩ ይቀድማል። «ትናንት ከገበያ የገዛሁትን ያንን አዲስ» ብዬ ባቆም እስካሁን ስለ ምን እያወራሁ እንደሆነ አታውቁም። በቃል ስናወራ ይሄ አያስቸግረንም። ምክንያቱም ስናወራ ሐረጎችን እርስ በርስ አንሰካካም። «ትናንት ገበያ ሄድኩ፣ አንድ ጫማ ገዛሁ፣ አዲስ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላደርገው ተቀደደ» እንላለን። ማሰሪያው በየሦስት ቃሉ ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው ብዕር ስንይዝ ነው።

የተላከልኝ ጽሑፍ በተቅማጥ ስለሚታመሙ ሕጻናት ነበር። ዋናው ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው።

«በተቅማጥ ምክንያት ብዙ ፈሳሽ ከሰውነታቸው የወጣባቸውን ሕጻናት፣ ወደ ጤና ተቋም እስኪደርሱ ድረስ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ በመበጥበጥ በሚዘጋጅ ውህድ መርዳት የሚቻል ሲሆን፣ የጨው መጠን ከተጠቀሰው በላይ መሆን እንደሌለበት ማስታወስ ያስፈልጋል።»

በዓይን ሲታይ ምንም አልጎደለውም። መጠኑ ትክክል ነው። በቤት ለሚዘጋጅ ውህድ የሚመከረው ይኸው ነው፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ሳይከመር በተለካ የሻይ ማንኪያ ስድስት ስኳርና ግማሽ ጨው። ማስጠንቀቂያውም አለ። ብሮሹር ላይ ቢታተም አንዲት እናት ሁለት ጊዜ አንብባ ትሠራበታለች።

አሁን በጆሮ እንስማው። 39 ቃላት ነው፣ በተረጋጋ ድምጽ 20 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። «ስድስት» የሚለው ቁጥር የሚመጣው 13ኛው ቃል ላይ ነው። ቁጥሮቹ የምን እንደሆኑ፣ ማለትም የሚጠጣ ነገር አሠራር እየተነገረ መሆኑን የሚገልጸው «ውህድ» የሚመጣው ደግሞ 28ኛው ላይ። ስለዚህ አድማጩ ስኳሩንም፣ ጨውንም፣ ሊትሩንም የተቀበለው ለምን እንደሚያስፈልጉ ሳያውቅ ነው። ለምን እንደሚይዘው ያላወቀውን ነገር ሰው አጥብቆ አይዝም። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው «ያስፈልጋል» የመጣው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድም ቦታ እፎይ የሚባልበት የለም።

እዚህ ውስጥ «ሲሆን»ን ልብ በሉልኝ። በዜናና በሪፖርት አማርኛ ይህ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር መስፊያ ሆኗል። የመጀመሪያው ሐሳብ «መርዳት ይቻላል» ብሎ አራት ነጥብ ላይ ማረፍ ይችል ነበር። «የሚቻል ሲሆን» ሲባል በሩ አልተዘጋም። ዓይን ይሄን በሰረዙ አይቶ ያልፈዋል። ጆሮ ግን ሊያርፍ የነበረበትን ቦታ ተነጠቀ። ለጆሮ የሚጻፍ ነገር ሲመጣልኝ ቀድሜ የማወጣው «ሲሆን»ን ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሱን አውጥቶ በቦታው አራት ነጥብ ማስቀመጥ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ጽሑፉን ከመንካቴ በፊት እንዳለ ለአንዲት እናት አነበብኩላቸው። ልጆች ያሳደጉ፣ የልጅ ልጅ ያላቸው ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ሬዲዮ አንባቢ ረጋ ብዬ።

«እትዬ፣ ምን ሰሙ?»

«ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት ነው የሚለው።»

«ስንት ስንት ይላል?»

ትንሽ አሰቡ። «ስድስትና ግማሽ ብሏል። ስድስቱ... የጨው ነው መሰለኝ።»

ወዲያው ትክክለኛውን ነገርኳቸው። የመለሱት ነገር ግን በጣም ጠቃሚ ነው። ፍሬውን ይዘዋል፣ ሳክስ እንዳለችው። ሁለቱንም ቁጥሮች ይዘዋል። የጠፋባቸው የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ነው። ያ ደግሞ በዚህ መልእክት ውስጥ ጭራሽ ሊጠፋ የማይገባው ነገር ነው። ስድስት ማንኪያ ጨው የገባበት ውኃ የታመመ ልጅን ክፉኛ ይጎዳል።

ለምን ይሄ ብቻ ተለይቶ ጠፋ? ዓረፍተ ነገሩን እንደገና እዩት። «ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።» ቁጥሩ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል። በመሃላቸው «የሻይ ማንኪያ» አለ፣ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት። ቁጥሩ ሲነገር አድማጩ ባዶ እጁን ነው። የማን ቁጥር እንደሆነ ገና አልሰማም። ባለቤቱ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ሌላ ቁጥር፣ ወዲያው ያው ማንኪያ፣ ወዲያው ሌላ ባለቤት። ስኳርና ጨው ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም የሚሟሙ፣ ሁለቱም በማንኪያ የሚለኩ ናቸው። እንዲህ ተመሳስለው ተጠጋግተው የሚነገሩ ነገሮች በጆሮ ውስጥ ይቀላቀላሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስተካከያ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ባለቤቱ ይቅደም፣ ቁጥሩ ይከተል። «ስኳሩ ስድስት የሻይ ማንኪያ። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ።» አሁን አድማጩ «ስኳር» ሲሰማ ቦታ ያዘጋጃል፣ «ስድስት» ሲመጣ እዚያ ያስቀምጠዋል። አማርኛ ይሄን ያለ ምንም ችግር ይፈቅዳል። እቤት ውስጥም እንደዚህ ነው የምንናገረው፤ «ቡናው ሦስት፣ ሻዩ ሁለት» እንላለን እንጂ ማንም ሰው በቃል የተራዘመ ዝርዝር አያወርድም።

ሁለተኛው ማስተካከያ መቁረጥ ነው። አንዱ ሐረግ አንድ አዲስ ነገር ይያዝ። ልጁ ታሟል፤ አንድ። ውኃ እያለቀበት ነው፤ ሁለት። ይሄን እናደርጋለን፤ ሦስት። እያንዳንዱ የራሱ ማሰሪያ ይኑረው። ከዝርዝሩ በፊት ደግሞ ዝርዝር እንደሚመጣ ይነገር። «ሦስት ነገር ያስፈልጋል» የሚለው አጭር ሐረግ ለጆሮ የሚሠራው ውለታ ብዙ ነው። ዓይን ወረቀቱን አይቶ ሦስት ነጥብ እንዳለ ያውቅ ነበር። ጆሮም በዚህ ሐረግ ያንን ያውቃል። ሁለት ሲሰማ አንድ እንደሚቀረው ገብቶት ይጠብቃል።

መቁረጥ ሲባል ግን ማስተዋል ያስፈልገዋል። አንዳንድ ሰው «አጭር አጭር አድርግ» ሲባል ሁሉንም አራት አራት ቃል አድርጎ ይከታትፈዋል። ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ከሌለ ግን» የሚሉት ማያያዣዎች ተቆርጠው ይወድቁና አድማጩ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ይሰማል እንጂ ምክንያቱ አይገባውም። ሁለተኛ፣ እኩል የሆነ ነገር ሲደጋገም ጆሮ ይለምደውና ማዳመጥ ያቆማል። እኔ የማደርገው ሁለት ሦስት አጭር ካመጣሁ በኋላ አንድ ረዘም ያለ አስገባለሁ፣ ዋናውን ነገር ደግሞ ከረዥሙ ቀጥሎ በአጭሩ አስቀምጣለሁ። ከርዝመት በኋላ የሚመጣ አጭር ነገር ይሰማል።

ርዝመት ሁሉ ጠላት አይደለም ደግሞ። «እጅዎን ታጥበው፣ ውኃውን ለክተው፣ ስኳሩን ጨምረው፣ ይበጥብጡት» ረዥም ነው። ግን ጆሮ ላይ ይቀላል። ድርጊቶቹ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ነው የተሰለፉት፣ እያንዳንዱም ሲነገር በሐሳብ ይከናወናል። «ታጥበው» ሲባል አድማጩ ታጥቧል። የሚከብደው በላዩ ላይ እየተከመረ የሚሄደው «የ...የ...የ» እና «በሚ...በሚ...» ነው። እነሱ ወደ ፊት አይሄዱም፣ ገና ያልመጣ ስም ይጠብቃሉ።

ሦስተኛው ነገር መደጋገም ነው፣ እዚህ ላይ ከጸሐፊዎች ጋር ብዙ እከራከራለሁ። ትምህርት ቤት ስንማር አንድ ቃል በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመጣ ይሰመርበት ነበር። ለወረቀት ትክክል ነው። ከላይ ያለው ጽሑፍ ቀጣይ አንቀጽ ነበረው፣ ውህዱን አንድ ጊዜ «ውህድ»፣ አንድ ጊዜ «ፈሳሹ»፣ አንድ ጊዜ «የተዘጋጀው መጠጥ» እያለ ይጠራዋል። አንባቢ ሁሉም አንድ እንደሆነ ይገባዋል። አድማጭ ግን ሦስት ነገር ሰማ። ያውም «ፈሳሽ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ከልጁ ሰውነት ለወጣው ነገር ውሏል። ለጆሮ በሚጻፍ ነገር አንድ ነገር አንድ ስም አለው፣ እስከ መጨረሻው።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው በሦስተኛው መጽሐፍ፣ የሚነበብና የሚነገር አጻጻፍ ለየብቻ መሆናቸውን ያነሳል። ያንኑ ነገር እየደጋገሙ መናገርና ማያያዣ መተው በጽሑፍ ላይ ቢወቀሱ ተገቢ ነው፣ በአደባባይ ንግግር ግን ተናጋሪዎች ይጠቀሙባቸዋል ይላል። ከ2,300 ዓመት በፊት ገደማ መሆኑ ነው። ያኔም የተነገረውን ሲያነቡት ባዶ የሚመስል፣ የተጻፈውን ሲናገሩት የሚከስም ነገር ነበር።

ምን እንደሚደገም መምረጥ ግን ግድ ነው። ሁሉም ከተደገመ ምንም አልተደገመም። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አድማጩ ሁሉንም ቢረሳ የትኛው ብቻ ይቅር? እሱ ይደገማል፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። አንዴ «ስኳር ስድስት»፣ ሌላ ጊዜ «ስድስት ማንኪያ ስኳር» ከተባለ ድግግሞሽ መሆኑ ይቀራል። አድማጩ ሁለተኛውን እንደ አዲስ መረጃ ይቀበለዋል። ሲደገምም ተከታትሎ አይሁን፣ በመሃል ሌላ ሐሳብ ይለፍ። አንዴ ሲነገር ሰማው፣ ሊረሳው ሲል ተመልሶ መጣለት።

ማስጠንቀቂያ ሲደገም ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አለ። የእኛ አሉታ ከግሱ ጋር የተጣበቀ ነው፣ ግሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ። «ስድስት የሻይ ማንኪያ ጨው እንዳይጨምሩ» ብል አድማጩ መጀመሪያ «ስድስት የሻይ ማንኪያ ጨው» የሚለውን ሙሉ ሥዕል ይሥላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የምሰርዘው። ከሳምንት በኋላ የትኛው ይቀራል? ሥዕሉ የሚቀር ይመስለኛል። ስለዚህ በማስጠንቀቂያ ውስጥም የማስገባው ትክክለኛውን ቁጥር ነው። «ጨው ከግማሽ አይለፍ።» ስህተቱን በአፌ አልጠራውም።

አራተኛው ምት ነው። ምት ስል ግጥም መጻፍ ማለቴ አይደለም። ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንን አስቡ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ሁለት እኩል ክንፍ አለው፣ ሁለቱም በአንድ ቃል ይጀምራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ደግሞ ሁለቱ ክንፎች በአንድ ድምጽ ይዘጋሉ። እነዚህ ነገሮች ያለ ወረቀት ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፉ እዚህ የደረሱት ለዚህ ነው። ምቱ ቃል እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ከመሃሉ አንድ ቃል ብታወጡ ወይም ብትቀይሩ ጆሮ ያውቅባችኋል። ሳክስ ቃላቱ ይሄዳሉ፣ ፍሬው ይቀራል ብላ የለ? ምት ቃላቱ ራሳቸው እንዳይሄዱ ማድረጊያ ነው። መጠን ሲሆን ደግሞ ፍሬው ብቻ መቅረቱ አይበቃም፣ ቃሉ ራሱ መቅረት አለበት።

በዚህ መልእክት አማርኛ ራሱ አገዘኝ። «ስኳር» እና «ስድስት» ሁለቱም በ«ስ» ይጀምራሉ። «ስኳር ስድስት፣ ጨው ግማሽ።» ሁለት ክንፍ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ቃል። «ጨው ስድስት» ልበል ብትሉ ድምጹ አይገጥምላችሁም። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያስታውሰው ድምጹ ሆነ ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ይዤ ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት።

«ልጅዎ ተቅማጥ ይዞታል?
ሰውነቱ ውኃ እያለቀበት ነው። የወጣውን ውኃ እንተካለት።
የኦአርኤስ ፓኬት ካለዎት፣ እሱን ይበጥብጡ። ከሌለ ግን እቤት ማዘጋጀት ይቻላል።
ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ውኃ፣ ስኳር፣ ጨው።
ውኃው አንድ ሊትር። ንጹሕ ውኃ ይሁን።
ስኳሩ ስድስት። ስድስት የሻይ ማንኪያ።
ጨው ግማሽ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ።
ማንኪያው አይከመር፣ ለጥ ይበል።
ስኳር ስድስት፣ ጨው ግማሽ።
ጨው ከግማሽ አይለፍ። ጨው ሲበዛ ልጁን ይጎዳዋል።
ይበጥብጡና በትንሽ በትንሹ ያጠጡት። እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።
ስኳር ስድስት፣ ጨው ግማሽ።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል። ይሄ ጸሐፊዎችን ያስደነግጣቸዋል፤ «አጭር ሐረግ ስትል አጭር ጽሑፍ መስሎን» ይላሉ። ሐረጎቹ አጠሩ እንጂ ጽሑፉ አላጠረም። ለጆሮ የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፣ ምክንያቱም ዓይን በመመለስ ያገኘው የነበረውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱ መስጠት አለበት። የሬዲዮው ደቂቃ አልበቃ ካለ የሚቀነሰው የሐሳቡ ብዛት ነው። ድግግሞሹ አይነካም።

አጻጻፉም በመስመር በመስመር የሆነው እንዲያው ለውበት አይደለም። አንድ መስመር አንድ ትንፋሽ ነው። ዊንስተን ቸርችል የፓርላማ ንግግሩን የሚያስተይበው በዚህ መልክ ነበር፤ ወረቀቱ ሲታይ መዝሙረ ዳዊት ይመስላል። አንባቢው የት እንደሚተነፍስ ከወረቀቱ ያያል። ወረቀቱ ሙሉ አንቀጽ ከሆነ ግን አንባቢው ትንፋሹ ያለቀበት ቦታ ላይ ያርፋል፣ ያ ቦታ ደግሞ በቁጥሩና በባለቤቱ መሃል ሊሆን ይችላል። «ስኳሩ» ብሎ ተንፍሶ «ስድስት» ብሎ ከጨው ጋር ካያያዘው ሥራው ሁሉ ፈረሰ።

አዲሱን ለሌላ ሰው አነበብኩለት። ለሌላ ሰው መሆኑ ወሳኝ ነው። አንዴ የሰማ ሰው ፈተናው ላይ አይጠቅምም፣ መልሱን ያውቀዋል። «ገባህ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ሰው «ገብቶኛል» ይላል። «ለባለቤትህ ደውለህ ብትነግራት ምን ትላታለህ?» ነው ጥያቄዬ። ልጅ ያለው ወጣት ነው። ሳያቅማማ «ውኃ ውስጥ ስኳር ስድስት፣ ጨው ግማሽ ጨምሪና እያጠጣሽ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አለ። ቁጥሩና ባለቤቱ አልተለያዩም።

«በምን ማንኪያ?» አልኩት።

«በ... በማንኪያ ነዋ።»

እዚህ ላይ የምት ጉድለቱ ታየ። ከምቱ ውስጥ ያልገባ ነገር ይወድቃል። «ስኳር ስድስት፣ ጨው ግማሽ» በጣም ስለሚጣበቅ ጎኑ ያለውን ሁሉ ገፍቶ ያስወጣዋል። ማንኪያው የሾርባ ከሆነ መጠኑ ሌላ ነው። ሊትሩም አልቀረለትም። ምት የሚያስታውሰው የያዘውን ብቻ ስለሆነ፣ ቢወድቅ የሚጎዳ ነገር ሁሉ ምቱ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ የሚደገመውን መስመር አሰፋሁት። «ውኃ አንድ ሊትር። በሻይ ማንኪያ፣ ስኳር ስድስት፣ ጨው ግማሽ።» እንደ መጀመሪያው አይዘፍንም፣ ግን ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ለሰሙት ሰዎች «በሻይ ማንኪያ» የሚለው አብሮ ቀረላቸው፣ ቀድሞ ስለሚነገር ለቁጥሮቹ እንደ መግቢያ ሆነ።

ጽሑፉን የላኩት ባለሙያዎች አንድ ነገር እንድጨምር ጠይቀውኝ ነበር። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ስንት ይሰጥ የሚለውን። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200። ትክክልም ጠቃሚም ነው። ግን አራት ቁጥር፣ ሁለት ዕድሜ፣ አንዱ ቁጥር በሁለቱም ቦታ የሚመላለስ ነው፤ በምንም ምት ብከፋፍለው አንዴ ለሚሰማ ሰው አይያዝም። ያውም ገብቶ «ስድስት» እና «ግማሽ»ን ይገፋብኛል። እሱ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት እንዲገባ ተስማማን። በሬዲዮው ላይ በቦታው የገባው «ባስቀመጠው ቁጥር ያጠጡት» የሚል አንድ መስመር ነው።